ኤንዲሲጂ፦ ነጥቡን እንዳለ መደመር ወይስ 2^rel - 1?

ኤንዲሲጂ የፍለጋ ውጤቶች ቅደም ተከተል ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ የሚለካ መለኪያ ነው። «የዶሮ ወጥ አሠራር» ብሎ ለፈለገ ሰው፣ ገምጋሚዎች ለሦስት ገጾች 3፣ 2 እና 2 ነጥብ ሰጡ እንበል። ባለ 3ቱ ሙሉውን አሠራር የያዘ ነው፤ የቀሩት ገጾች ሁሉ 0 ናቸው። ፍለጋ «ሀ» ከላይ ወደ ታች 2፣ 2፣ 3 አወጣ፤ «ለ» ደግሞ 3፣ 0፣ 2።

ኤንዲሲጂ የእያንዳንዱን ገጽ ነጥብ ለ log2(i+1) ያካፍላል፤ i የገጹ ደረጃ ነው። ስለዚህ አንደኛው ሙሉ ነጥቡን፣ ሁለተኛው 0.63ቱን፣ ሦስተኛው ግማሹን ይይዛል። ድምሩ በመጨረሻ ለምርጡ ቅደም ተከተል፣ ለ3፣ 2፣ 2 ድምር ይካፈላል።

ነጥቡ እንዳለ ሲደመር «ሀ» 4.76/5.26 = 0.90፣ «ለ» 4/5.26 = 0.76 ያገኛሉ። rel የገጹ ነጥብ ሆኖ በ 2^rel - 1 ግን 3 ወደ 7፣ 2 ወደ 3 ይለወጣል። ያኔ «ሀ» 0.81፣ «ለ» 0.82 ሆነው አሸናፊው ይቀየራል።

እኔ ለምግብ አሠራር ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሰው የሚፈልገው አንድ የተሟላ ገጽ ነውና። ብዙ ምንጭ ለሚያገላብጥ ተመራማሪ ግን የመጀመሪያው ይቀርባል። ከማሽን ለርኒንግ መሣሪያዎች የ scikit-learn `ndcg_score` ነጥቡን እንዳለ ይወስዳል፤ LightGBM ካልቀየሩት 2^rel - 1 ይጠቀማል። የሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያሳስታል።

ከዚህ የሚብስ ስህተትም አለ፦ ምርጡን ቅደም ተከተል ከወጡት ገጾች ብቻ መሥራት። «ለ» አንዱን ባለ 2 ገጽ ጭራሽ አላወጣም፤ ግን ምርጡ 3፣ 2፣ 0 ተብሎ ሲሰላለት 0.76 የነበረው 0.94 ይሆናል።