ባሕር ዳር ላላችሁ ወላጆች፦ የልጅ ፕሌይስቴሽን ሰዓት በወጉ የሚያስተካክል ሰው ተገኝቷል

እንዲህ ወጥቼ ሰው አመስግኜ አላውቅም፤ ስለዚህ ወጣት ባለሙያ ግን ዝም ብል ነውር ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት መልስ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ፒኤስ ፎሩን ይጫወት፣ ከዚያ ይዘጋ። የፈለግኩት ይህን ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የወሰድኩበትን ቤት ስሙን አልጠራም። ሰውየው ስልክ እያወራ ነካካውና «አለቀ» አለኝ። ምኑ እንዳለቀ አልነገረኝም። ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰላም አጣ። ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ ገና ሲከፍተው ጌሙ ያስወጣዋል። «አንቺ ነሽ የዘጋሽብኝ!» እያለ ያለቅሳል። ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ከጊዮርጊስ ስመለስ ደግሞ ዘና ብሎ ኳስ ይጫወታል። ባለቤቴ «ኮዱን ሰብሮታል» ብሎ ጮኸ፤ ልጁ አልነካሁም ብሎ ማለ። ለሰውየው ብደውል «እቃው አሮጌ ነው፣ አዲስ ግዙ» አለኝ። ብሩን ከተቀበለ በኋላ ነው እንግዲህ!

በመጨረሻ ጎረቤቴ ፓፒረስ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት ጠቆመችኝ። ቤት ድረስ መጣ። እኔንም ባለቤቴንም ትቶ መጀመሪያ የጠየቀው ልጁን ነው። «መቼ መቼ ነው የሚያስወጣህ? መቼስ ያጫውትሃል?» ልጁ እንባ እየተናነቀው ነገረው። ወጣቱ ጌሙን ከፈተና ሳቀ። «እትዬ፣ ልጁ ምንም አልሰበረም። ሰዓቱ ነው የተሳሳተው።»

ለካ ያ ሰውዬ የኛን 10 ሰዓት እንዳለ «10:00 AM» ብሎ አስገብቶታል። ያ ደግሞ በኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ልጁ ትምህርት ቤት እያለ ጌሙ ክፍት፣ እሱ ሲመጣ ዝግ! የቅዳሜውም ምስጢር ይኸው ነበር። ወደ 4:00 PM ቀየረው። ባለቤቴ ምንም አላለም፤ ልጁን ሳብ አድርጎ ራሱን ዳበሰው። ወጣቱ አካውንቱ የተከፈተው በውጭ አገር ስም ስለሆነ የሰዓት ቀጠናውንም አየልን። የአሜሪካ ሆኖ ቢቀር ኖሮ የምናስገባው ሰዓት ሁሉ ይዛባ ነበር፣ አለን።

ከዚያ አሁንም ልጁን «አንድ ማች ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?» አለው። «ሃያ።» ልብ በሉ፣ ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ጊዜው ሲያልቅ ጌሙ ሁለት ዓይነት ነገር ማድረግ ይችላል። «Log Out of PS4» ከተመረጠ ማች መሀል ላይም ቢሆን ያስወጣል፤ ኦንላይን እየተጫወተ ከሆነ ተሸነፈ ማለት ነው፤ ለቅሶው ከዚያ ነው የሚመጣው። «Notify Only» ከተመረጠ ግን ጊዜህ አልቋል ብሎ ይነግረዋል እንጂ አይዘጋበትም። ወጣቱ ለጊዜው ሁለተኛውን እናድርግ አለ። ከልጁም ጋር ተስማማ፦ ከ11:40 በኋላ አዲስ ማች አይጀመርም፤ ከተላለፈ ወደ መጀመሪያው እንመልሰዋለን። በእናትና አባት ፊት ከልጅ ጋር እንዲህ እንደ ትልቅ ሰው የሚነጋገር ባለሙያ እኔ አላየሁም። እንግዳ መጥቶ ትንሽ ይጨመርለት ስንል ደግሞ የዛሬውን ብቻ ማርዘም እንደሚቻል አሳየኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። የሰዓት ገደቡ የሚሠራው በልጁ አካውንት ላይ ብቻ ነው። ልጁ በእንግዳ ስም ቢገባ ወይም አዲስ ተጠቃሚ ቢከፍት ገደቡ አያገኘውም። ያ ሰውዬ ይህን በር ክፍት ትቶት ሄዷል፤ ኮዱም እቃው ሲገዛ የነበረው 0000 እንደሆነ ነው። ወጣቱ ሁለቱንም ዘጋ። አዲሱን ኮድ ልናስገባ ስንል ጆይስቲኩን ለእኔ ሰጥቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «እኔም ባላውቀው ይሻላል» አለ። በእኔ አካውንት መግቢያ ላይም ሌላ ኮድ አስደረገኝ፤ ያለዚያ ልጁ በእኔ ስም ይገባ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ የተቀረውን ቴክኒክ አልገባኝም፤ ያስከፈለኝ ግን ከፊተኛው ያነሰ ነው።

ሳላስፈቅደው ስልኩን እዚህ አላወጣም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። እባካችሁ ጥሩት! ስትቀጥሩት ልጁ ቤት በሚኖርበት ሰዓት ይሁን፣ ዋናው ሥራ ከልጁ ጋር ነው። ልጃችሁ እስካሁን በአባቱ አካውንት ሲጫወት ከነበረ ግን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እዚያ ያስቀመጠው ጨዋታ ወደ አዲሱ የልጅ አካውንት ላይሻገር ይችላል። ወጣቱም ይህን ከመጀመሩ በፊት ለልጁ ይነግረዋል እንጂ ሸውዶት አይሄድም።