«ያለ ወለድ» በሚል የተሸጠልኝ ፍሪጅ የያዘው ወለድ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገብታችሁ የቤት ዕቃ በመሸመት ላይ ያላችሁ ጎረቤቶቼ፣ በዱቤ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ። ፍሪጅ ልገዛ የገባሁበት ሱቅ በፍሪጁ በር ላይ «60,000 ብር፣ ያለ ወለድ በ10 ወር» የሚል ወረቀት ለጥፎ ነበር። 20,000 ብር ቅድሚያ ከፍዬ ቀሪውን በየወሩ 4,000 ብር ልከፍል ፈረምኩ። በሳምንቱ ጎረቤቴ ያንኑ ሞዴል ከዚያው ሱቅ በእጅ በእጅ፣ ደረሰኝ ተቆርጦላት፣ በ50,000 ብር ገዛች።

ስለዚህ የዕቃው እውነተኛ ዋጋ 50,000 ብር ነው፤ ወለዱም ዋጋው ውስጥ ተደብቋል። ቅድሚያውን ስንቀንስ የተበደርኩት 30,000 ብር ሲሆን የምመልሰው 40,000 ብር ነው። ብዙዎቻችን 10,000 ብሩን ለ60,000 አካፍለን «17 ከመቶ ገደማ ነው» ብለን እንተወዋለን፤ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የተበደርኩት 60,000 ሳይሆን 30,000 ብር ነው፤ እሱም ቢሆን አሥር ወር ሙሉ በእጄ አልቆየም። ከዋናው በየወሩ 3,000 ብር እየተመለሰ ይሄዳል ብለን ብናስብ፣ ያለብኝ ዕዳ በመጀመሪያው ወር 30,000፣ በሁለተኛው 27,000 እያለ በመጨረሻው ወር 3,000 ይሆናል። የአሥሩ ወራት ዕዳ ሲደመር 165,000 ስለሚመጣ፣ 10,000 ብሩ ለዚህ ሲካፈል በወር 6 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ የእርሳስ ስሌት ጥቂት ከፍ ያደርገዋል፤ በስልካችሁ ኤክሴል ላይ የሚከተለውን ብትጽፉ ትክክለኛውን፣ ማለትም 5.6 ከመቶ በወር፣ ታገኛላችሁ።

```
=RATE(10,-4000,30000)
```

በ12 ሲባዛ በዓመት 67 ከመቶ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የወሰነው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ በዓመት 7 ከመቶ እንደነበር አስታውሱ።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ስለ ዱቤ ምንም ሳታነሱ አስቀድማችሁ የእጅ በእጁን ዋጋ ጠይቁ፤ ያለ ደረሰኝ የሚነገር ዋጋ ብዙ ጊዜ ረከስ ስለሚል ከደረሰኝ ጋር ያለውን አስነግሩ። መርካቶም ያንኑ የሞዴል ቁጥር ጠይቃችሁ የመጫኛውን ሂሳብ ደምሩበት።

እኔ 20,000 ብሩን ይዤ በየወሩ 4,000 ብር ባስቀምጥ ኖሮ በስምንት ወር ውስጥ ፍሪጁን በእጅ በእጅ በ50,000 ብር እገዛው ነበር። እርግጥ በእነዚያ ወራት ዋጋው ከ10,000 ብር በላይ ቢጨምር ዱቤው ያዋጣኝ ነበር፤ ልጆች ላለው ቤትም ስምንት ወር ያለ ፍሪጅ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። በአራተኛው ወር እቁብ ደርሶኝ ቀሪውን በአንዴ ልዘጋ ስሄድ ቅናሽ ጠየቅሁ፤ ሻጩም ውሉን አውጥቶ «ወለድ የለውም እኮ፣ ከምን ላይ ልቀንስልዎት?» አለኝ። እውነትም በውሉ ላይ ወለድ የሚል ቃል አልነበረም።