በፒኤች ወረቀት ተለክቶ የሚሸጥላችሁን ኖራ ከመፈረማችሁ በፊት

ለአሲዳማ ማሳችሁ ኖራ ልትገዙ ያሰባችሁ ገበሬዎችና ማኅበራት፣ ሻጩ ጭቃ ውስጥ የፒኤች ወረቀት ነክሮ «5.0 ነው፣ ለሄክታር 30 ኩንታል ይበቃችኋል» ካለና ምርመራውንም ኖራውንም በአንድ ዋጋ ካቀረበላችሁ አትፈርሙ።

በውሃ የሚለካው ፒኤች የሚያሳየው በአፈሩ ውሃ ውስጥ ያለውን አሲድ ብቻ ነው። ኖራውን የሚበላው ግን በሸክላውና በብስባሹ ላይ ተጣብቆ የተቀመጠው አሲድ ነው፤ የሰብሉን ሥር የሚጎዳው አሉሚኒየምም እዚያው ነው ያለው። አሸዋማ ማሳና ሸክላ የበዛበት ቀይ ማሳ ሁለቱም 5.0 ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ሸክላው ግን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ኖራ ሊጠይቅ ይችላል።

ልዩነቱን የሚያወጣው የበፈር ፒኤች ነው፤ በፈር ማለት ፒኤቹ በቀላሉ የማይለወጥ ፈሳሽ ሲሆን፣ አፈሩ ንባቡን ምን ያህል እንዳወረደው በማየት የተቀመጠው አሲድ ይገመታል። ኤስኤምፒ በተባለው ዘዴ 5 ግራም አፈር በ5 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበጠበጥና የውሃው ፒኤች ይነበባል። ከዚያ ፒኤቹ 7.5 የሆነ በፈር 10 ሚሊ ሊትር ይጨመርበታል፣ 10 ደቂቃ ይናወጣል፣ 30 ደቂቃ ይቀመጥና እንደገና ይነበባል። ንባቡ 6.8 ላይ ከቆመ የተቀመጠው አሲድ ጥቂት ነው፤ 6.0 ከወረደ ግን ብዙ ነው። የኖራው መጠን የሚገኘው ይህን ንባብና የምትፈልጉትን ፒኤች ይዞ በዚያው ዘዴ ሠንጠረዥ ላይ በማየት ነው። ስለዚህ የበፈሩ ስም ያልተጻፈበት ውጤት አትቀበሉ። 6.2 በኤስኤምፒ የ1.3 ቅናሽ ነው፤ ከ6.6 በሚነሳው በመህሊክ በፈር ግን የ0.4 ብቻ ነው። የአንዱን ንባብ በሌላው ሠንጠረዥ ማንበብ ትልቅ ስህተት ነው።

ሠንጠረዡ የሚሰጠው ቁጥር ደግሞ በከረጢት ያለውን ኖራ አይደለም። ምሳሌ እንውሰድ፦ ውጤቱ «4 ቶን ንጹህ ካልሲየም ካርቦኔት በሄክታር፣ ለ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት» ይላል። ማረሻችሁ የሚገባው 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 4 × 15 ÷ 20 = 3 ቶን ይሆናል። አሁን ኖራውን እንመርምር። አሲድ የማክሸፍ አቅሙ 80 በመቶ ነው። ከ0.25 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈው 60 በመቶ ነው፤ ይህ ሙሉ ይቆጠራል። እስከ 0.85 ያለው 30 በመቶ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ይቆጠራል። የቀረው 10 በመቶ ጠጠር ስለሆነ ዜሮ እንበለው። ስለዚህ የድቀቱ ውጤት 60 + 15 = 75 በመቶ ይሆናል። እርጥበቱ 10 በመቶ ስለሆነ 0.80 × 0.75 × 0.90 = 0.54። ስለዚህ 3 ÷ 0.54 ወደ 5.6 ቶን፣ ማለትም 56 ኩንታል ይመጣል። በ30 ኩንታል የፈረመ ሰው ከሚያስፈልገው ግማሹን ብቻ ነው የሚበትነው፤ ገብሱ አሁንም ሥሩ አጥሮና ወፍሮ ይቀራል።

ርካሽ የሚመስለውም በዚሁ ይፈተናል። የዚህ ኖራ ኩንታል 300 ብር ቢሆን፣ 300 ÷ 0.54 ሲሰላ ሙሉ በሙሉ ለሚሠራ አንድ ኩንታል 556 ብር ይወጣል። 450 ብር የሚሸጥ፣ ሙሉ በሙሉ የደቀቀ፣ አቅሙ 95፣ እርጥበቱ 2 በመቶ የሆነው ግን 483 ብር ነው፤ የማጓጓዣውም ወጪ ያንሳል።

በውሉ ላይ የአቅሙ፣ የወንፊቱና የእርጥበቱ ቁጥር ይጻፍ። ከተራገፈው ክምር ላይ ከ10 ከረጢት ናሙና ውሰዱና ሻጩ ባልመረጠው ላብራቶሪ አስመርምሩ፤ ቀሪውን ገንዘብ ውጤቱ እስኪመጣ አትክፈሉ።