ለመብራት መጥፊያ ሌሊት፦ የላፕቶፕ ሴል ወይስ የስልክ ባትሪ?

ኮዬ ፈጬ ወይም ለገጣፎ መብራት ሲጠፋ ለሚያገለግል ትንሽ መብራት፣ የኃይል ምንጩ ከአሮጌ ላፕቶፕ ወይም ከአሮጌ ስልክ ሊገኝ ይችላል።

የስልክ ባትሪ ቀላሉ ነው። መከላከያ ሰርኪዩቱ አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ላይ ስላለ ከመጠን በላይ ሲራገፍ ራሱን ያጠፋል። የሚነቀል ከሆነ ስክሪኑ በተሰበረ ስልኩ ውስጥ መልሶ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል። ያበጠ ከሆነ ግን አትንኩት፤ ከተበሳ ይቀጣጠላል።

የላፕቶፕ ባትሪ ረጅም ይሠራል፣ ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባለ 11.1 ቮልቱ ብዙ ጊዜ 6 ሴሎች አሉት፤ ሁለት ሁለት ሆነው ሦስት ጥንድ ይሠራሉ። አንዱ ጥንድ ሲሞት ባትሪው በሙሉ ይጣላል እንጂ የተቀሩት ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። በቴስተር ለኩ፤ ከ2 ቮልት በታች የወረደውን ተዉት። ሌላውን 4.2 ቮልት ድረስ ሞልታችሁ ሳምንት አስቀምጡ። ከ4.0 በታች ከወረደ ወይም ሲሞላ ከጋለ ውስጡ ተበላሽቷል። ሴሎቹን ስትለዩ በፖዘቲቩ ጫፍ ዙሪያ ተጠንቀቁ፦ ጠርዙ ራሱ ኔጌቲቭ ነው፣ የሚለያቸው ስስ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ሴሎቹን የሚያያይዘው ቆርቆሮ ሁለቱን ከነካ ሾርት ያደርጋል።

ነጠላ ሴል መከላከያ ስለሌለው፣ ባትሪው የሞተበትን ፓወር ባንክ ቦርድ ተጠቀሙ፤ ይሞላል፣ ከመጠን በላይ እንዳይሞላም ይጠብቃል። ካላገኛችሁ የስልኩን ባትሪ ምረጡ። ለሁለቱም በ3 ቮልት የሚሠራ ባለ 1 ዋት ነጭ ኤልኢዲ በ12 ኦም ሬዚስተር በቀጥታ ከባትሪው ወይም ከሴሉ ጫፎች ጋር እንጂ ከቦርዱ ዩኤስቢ ጋር ሳይሆን አያይዙ፤ ባትሪው ሙሉ ሲሆን 100 ሚሊአምፔር ገደማ ይስባል፣ ባትሪው እየተራገፈ ሲሄድ ይደበዝዛል። 1500 ሚሊአምፔር ሰዓት የቀረለት ሴል ሌሊቱን ሙሉ ያበራል። የላፕቶፕ ስክሪን ኤልኢዲዎች ግን በተከታታይ ስለተያያዙ በአንድ ሴል አይበሩም።