ለአነስተኛ የሰርቨር ክፍል ዩፒኤስ፦ አንድ ረድፍ የእርሳስ ባትሪ፣ ሁለት ረድፍ ወይስ ሊቲየም?

ለአነስተኛ የሰርቨር ክፍል ዩፒኤስ ለመግዛት የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሦስት አማራጮች አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል። የመጀመሪያው አንድ ረድፍ የታሸጉ የእርሳስ አሲድ ባትሪዎች ያሉት ነው፤ ሁለተኛው በዚያው ላይ ተጨማሪ የባትሪ ሳጥን የተቀጠለለት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ የሚሠራው ነው። ሦስቱም የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ በአምፔር ሰዓት ስለሚገለጹ በአንድ ሚዛን የሚለኩ ይመስላሉ። ነገር ግን ተመሳሳይ አምፔር ሰዓት የተጻፈባቸው ባትሪዎች መብራት በጠፋ ጊዜ እጅግ የተለያየ ደቂቃ ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ ንጽጽሩን በአንድ ተጨባጭ ጭነት ላይ አስልተን እንመለከታለን።

ጭነቱ ይህ ነው እንበል፦ ጥቂት ሰርቨሮች፣ አንድ የመረጃ ማከማቻ፣ ሁለት ስዊቾችና አንድ ፋየርዎል፣ በሥራ ሰዓት አንድ ላይ ተለክተው 2,400 ዋት የሚስቡ። ይህ ቁጥር ከመሣሪያዎቹ የኃይል ሳጥን መለያ ላይ ተደምሮ የተገኘ ሳይሆን በሜትር የተለካ መሆን አለበት፤ መለያው የሚናገረው የኃይል ሳጥኑ ሊሰጥ የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ነውና፣ እሱን የሚደምር ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ማሽን ይገዛል። ለወደፊት ዕድገት 20 ከመቶ ገደማ ስንጨምርበት 2,900 ዋት እንይዛለን። የምንፈልገው ጊዜ 15 ደቂቃ ነው።

የማሽኑን አቅም መምረጥ ቀላሉ ክፍል ስለሆነ በአጭሩ እንለፈው። ዩፒኤስ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቮልት አምፔር ሲሆን ጭነታችንን የሚሸከመው ግን ዋቱ ነው። 5,000 ቮልት አምፔር የሆነ ማሽን የኃይል ፋክተሩ 0.9 ከሆነ 4,500 ዋት ይሰጣል፤ 0.7 ከሆነ ግን 3,500 ዋት ብቻ ነው። 3,000 ቮልት አምፔር በ0.9 ደግሞ 2,700 ዋት ስለሚሆን ዛሬ የተለካውን ጭነት ቢችልም ከዕድገቱ ጋር አይበቃም። የ4,500 ዋቱን ማሽን ስንወስድ ጭነቱ የአቅሙ 64 ከመቶ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ተገቢ ነው። ማሽኑ ትልቅ መሆኑ ግን በራሱ አንዲትም ደቂቃ አይጨምርም፤ ደቂቃው የሚመጣው ከባትሪው ነው።

አሁን ወደ ባትሪው እንግባ። ማሽኑ ባለ 12 ቮልት፣ 9 አምፔር ሰዓት ባትሪ 16 በተከታታይ የታሰሩበት ነው እንበል፤ በድምሩ 192 ቮልት ይሆናል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ስሌት እንዲህ ነው፦

```
16 × 12 × 9 = 1,728 ዋት ሰዓት
2,900 ÷ 0.93 = 3,120 ዋት ገደማ
1,728 ÷ 3,120 = 0.55 ሰዓት = 33 ደቂቃ
```

0.93 የኢንቨርተሩን ብክነት የሚያስገባ ቁጥር ነው፤ ጭነቱ 2,900 ዋት እንዲያገኝ ባትሪው 3,120 ዋት ያህል መስጠት አለበት። እስከዚህ ድረስ ስሌቱ ትክክል ነው። ስህተቱ ያለው 1,728 ዋት ሰዓቱን ሙሉ በሙሉ እናገኛለን ብሎ ማሰብ ላይ ነው። በመለያው ላይ የተጻፈው 9 አምፔር ሰዓት የተለካው ባትሪው በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ እንዲራገፍ ተደርጎ፣ ማለትም በ0.45 አምፔር ፍሰት ነው። እኛ ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ ልናራግፈው ነው። ፍሰቱ ሲበረታ በእርሳስ ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ወደ ሰሌዳዎቹ ቀዳዳዎች በበቂ ፍጥነት አይደርስም፤ በውስጣዊ ተቃውሞው ምክንያትም ቮልቴጁ ቶሎ ይወርዳል። ዩፒኤሱም ገና ያልወጣ ኃይል በውስጡ እያለ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ምክንያት ይዘጋል።

ስለዚህ ትክክለኛው ሰነድ የባትሪው አምራች የሚያወጣው በቋሚ ኃይል የመራገፊያ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ እያንዳንዱ ሴል በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ፣ ቮልቴጁ ለምሳሌ 1.67 ቮልት እስኪደርስ፣ ስንት ዋት መስጠት እንደሚችል ይናገራል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስድስት ሴሎች አሉት፤ 16ቱ ባትሪዎች 96 ሴል ናቸው። ለምሳሌያችን የ9 አምፔር ሰዓቱ ባትሪ ሰንጠረዥ በ10 ደቂቃ 44፣ በ15 ደቂቃ 34፣ በ30 ደቂቃ 20 ዋት በሴል ይላል እንበል። የእኛ ፍላጎት 3,120 ለ96 ሲካፈል 32.5 ዋት በሴል ነው። ከ34 ጥቂት ስለሚያንስ አዲሱ ባትሪ 16 ደቂቃ ያህል ይሰጣል ማለት ነው። በወረቀት ስሌት 33 ደቂቃ የወጣለት ባትሪ ከዚያ ግማሹን ብቻ ሰጠ። ባትሪው ምንም ጉድለት የለበትም፤ የተበላሸው ስሌቱ ነው።

16 ደቂቃ ከፈለግነው 15 ስለሚበልጥ አንድ ረድፍ የሚበቃ ይመስላል፤ የሚበቃው ግን ባትሪው አዲስ ሳለ ነው። በተለመደው አሠራር የእርሳስ ባትሪ አቅሙ ወደ 80 ከመቶ ሲወርድ የሚቀየርበት ጊዜ ደረሰ ይባላል። በመጨረሻው ቀንም 15 ደቂቃ እንዲሰጥ ከፈለግን ፍላጎቱን በ1.25 ማባዛት አለብን፤ 32.5 ወደ 40.6 ዋት በሴል ይወጣል። ሰንጠረዡ ላይ ይህ በ10 እና በ15 ደቂቃ መካከል፣ ወደ 11 ወይም 12 ደቂቃ አካባቢ ይውላል። እንግዲህ አንድ ረድፍ የገዛ ሰው የገዛው 15 ደቂቃ ሳይሆን ከ16 ጀምሮ ወደ 11 የሚወርድ ጊዜ ነው። ሰርቨሮቹ በራሳቸው በሥርዓት ለመዘጋት 5 ደቂቃ የሚበቃቸው ከሆነና መዝጊያው ሶፍትዌር በትክክል ከተዘጋጀ፣ ይህ አማራጭ አሁንም የሚናቅ አይደለም።

ሁለተኛውን ረድፍ ስንጨምር ደቂቃው ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ኃይሉ ለ192 ሴል ስለሚከፋፈል እያንዳንዱ 16.25 ዋት ብቻ ይሸከማል፤ ፍሰቱ ሲለዝብ ደግሞ ከዚያው ባትሪ የሚወጣው ኃይል ይበዛል። አዲስ ሳለ 30 ደቂቃን በደንብ ያልፋል። በእርጅናው ጊዜ፣ 16.25 በ1.25 ተባዝቶ 20.3 ሲሆን፣ 30 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ከደቂቃው ይልቅ ግን እኔ ይህን አማራጭ የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። በአንድ ረድፍ ውስጥ 16 ባትሪዎች በተከታታይ ስለታሰሩ አንዱ ከውስጥ ቢቆረጥ ረድፉ በሙሉ ይቋረጣል፤ ዩፒኤሱም መብራት በጠፋበት ቅጽበት ከነጭነቱ ይወድቃል። ሁለት ረድፍ ሲኖር የቀረው ረድፍ ብቻውን ጭነቱን ለጥቂት ደቂቃዎች ይይዛል። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው የዩፒኤሱ ቻርጀር ለሁለቱም ይበቃ እንደሆነ ነው። ለአንድ ረድፍ የተመጠነ ቻርጀር ሁለቱን ለመሙላት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ቦታ ባትሪዎቹ ሳይሞሉ ለቀጣዩ መቋረጥ ይቀርባሉ።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት ሲመጣ የስሌቱ ጥያቄ ራሱ ይቀየራል። ይህ ባትሪ ፍሰቱ ሲበረታ አቅሙን እንደ እርሳሱ አያጣም፤ ሴሎቹ የሚችሉት ፍሰት እስከሆነ ድረስ ከተጻፈበት ዋት ሰዓት 90 ከመቶ ያህሉን እናገኛለን ብሎ ማስላት ይቻላል። ለ15 ደቂቃ 780 ዋት ሰዓት ያስፈልገናል፤ ለእርጅና በ0.8፣ ለሚገኘው ድርሻ በ0.9 ስናካፍለው 1,083 ዋት ሰዓት ይሆናል። በ192 ቮልት ይህ ከ6 አምፔር ሰዓት ያነሰ ነው። ትንሿ ባትሪ ትበቃለች ብሎ መደምደም ግን አደጋ አለው፤ ባትሪውን የሚጠብቀው ቢኤምኤስ የራሱ የፍሰት ገደብ አለውና። 3,120 ዋት በ192 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው፤ ወደ መጨረሻው ቮልቴጁ ወደ 168 ሲወርድ ከ18 አምፔር ያልፋል። ባትሪው 9 አምፔር ሰዓት ሆኖ የፍሰት ገደቡም 9 አምፔር ከሆነ፣ በውስጡ በቂ ኃይል እያለ ጭነቱ በገባበት ቅጽበት ቢኤምኤሱ ይቆርጠዋል። 20 አምፔር ሰዓት ሆኖ ገደቡም 20 አምፔር ከሆነ ጭነቱን በጠባብ ልዩነት ይችለዋል፤ በዚያ ጊዜ ግን 3,840 ዋት ሰዓት ስለምንገዛ አዲስ ሳለ 66፣ አርጅቶም 53 ደቂቃ ያህል እናገኛለን። ሊቲየምን ለአጭር ጊዜ የሚፈልግ ሰው ለከፍተኛ ፍሰት የተሠራ ሴል መጠየቅ አለበት፤ አለበለዚያ ፍሰቱን ለማግኘት ሲል የማይፈልገውን ሰዓት ይገዛል።

አንድ ሰዓት የመቆየቱ ጥቅም ደግሞ ከክፍሉ ሙቀት ጋር መመዘን አለበት። የማቀዝቀዣው ማሽን በዩፒኤስ ላይ ካልታሰረ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ሰርቨሮቹ ግን 2,900 ዋቱን በሙሉ ወደ ሙቀት እየለወጡ ይቀጥላሉ። ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው 3 ሜትር በሆነ ዝግ ክፍል ውስጥ ያለው አየር ብቻውን ቢታሰብ በየደቂቃው 5 ዲግሪ ያህል በሞቀ ነበር፤ ግድግዳውና ብረቱ ስለሚወስዱለት ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ጀነሬተር ወይም የአየር መውጫ በሌለበት ክፍል ሰርቨሮቹ ባትሪው ሳያልቅ ከሙቀት የተነሳ ራሳቸውን ሊዘጉ ይችላሉ። ጀነሬተር ላለው ክፍልም ቢሆን ረጅም ሰዓት የሚሰጥ ሊቲየም እንዲገዛ አልመክርም፤ 15 ደቂቃ ጀነሬተሩ ባይነሳ እንኳ ሁለተኛ ሙከራ ለማድረግና ሥርዓት ባለው መንገድ ለመዝጋት ይበቃል።

ሊቲየም የሚያሸንፈው በዕድሜ ነው። አነስተኛ የታሸገ የእርሳስ ባትሪ በ25 ዲግሪ አካባቢ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ሙቀቱ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት 10 ዓመት አካባቢ እንዲቆይ ታስቦ ይሠራል፤ ሙቀትንም ከእርሳሱ ይልቅ ይታገሣል። ነባሩን ዩፒኤስ ይዞ ባትሪውን ብቻ በሊቲየም መተካት ግን አምራቹ ካልፈቀደ አይገባም። ለእርሳስ የተዘጋጀ ቻርጀር ባትሪውን ሙሉ ቮልቴጅ ላይ ያለማቋረጥ ይዞ ያቆየዋል፤ ይህ ደግሞ ለሊቲየም ሴል ጎጂ ነው። የሊቲየም ቮልቴጅ እስከ መጨረሻው ሊያልቅ ሲል ብዙ ስለማይወርድም ማሽኑ የቀረውን ደቂቃ በቮልቴጅ የሚገምት ከሆነ በስክሪኑ የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም፤ መዝጊያው ሶፍትዌር ሳይነሳ ኃይሉ ሊቋረጥ ይችላል።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ሻጩ የባትሪውን የመራገፊያ ሰንጠረዥ ወይም የቢኤምኤሱን ቀጣይ የፍሰት ገደብ በጽሑፍ ካላቀረበ የተነገረውን ደቂቃ መቀበል አያስፈልግም። ርክክቡም በሙከራ መሆን አለበት፦ ባትሪው ቢያንስ 24 ሰዓት ከተሞላ በኋላ፣ በሰርቨሮቹ ፋንታ 2,900 ዋት የሚስብ የሙከራ ጭነት ታስሮ ዋናው መብራት ይቋረጥና እስኪዘጋ ድረስ ያለው ጊዜ ይለካል። በመካከሉ የእያንዳንዱን የእርሳስ ባትሪ ቮልቴጅ መለካት ይገባል፤ ከጓደኞቹ ተለይቶ በፍጥነት የሚወርድ ባትሪ ካለ በዋስትናው ጊዜ እንዲቀየር መጠየቅ ነው።