ከውጭ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ የቢሮ ልብስ ማሰፋት፦ የጨርቅ ሱቅና የልብስ ሰፊ ግምገማ

ቆይታው ሦስት ሳምንት፣ ሥራው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮ ለምትገባ ወጣት እርስ በርሱ የሚለዋወጥ ስምንት ልብስ ማሰፋት ነበር። አንድ ኮት፣ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ጉርድ ቀሚስና አራት ሸሚዝ። ኮቱ፣ አንዱ ሱሪና ጉርዱ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሁለተኛው ሱሪ ግራጫ ነው። ሸሚዞቹ ነጭ፣ ክሬም፣ ውሃ ሰማያዊና በነጭ ላይ ቀጭን ጥቁር ሰማያዊ መስመር ያለው ናቸው። ከታች የሚለበሱት ሦስቱ ከአራቱ ሸሚዞች ጋር ሲጣመሩ 12 አለባበስ ይሰጣሉ፣ ኮት ሲደረብ ደግሞ 24። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን እያንዳንዱ ሸሚዝ ከሦስቱም ጋር ሲሄድ ብቻ ነው። ከአንዱ ጋር ብቻ የሚያምር ሸሚዝ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም።

ጨርቁ የተገዛው መርካቶ ነው። ምርጫው ብዙ ነው፣ ሻጮቹም በትዕግሥት ጣቃ እያወረዱ ያሳያሉ። ለመካከለኛ ቁመት፣ ወርዱ 150 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቅ፣ ለኮት 1.8 ሜትር፣ ለሱሪ 1.2፣ ለጉርድ 0.8 ይበቃል። ስለዚህ ጥቁር ሰማያዊው ከጥቂት ትርፍ ጋር 4 ሜትር ሆኖ ከአንድ ጣቃ በአንድ ጊዜ መቆረጥ አለበት። «ያው ቀለም ነው» ተብሎ ከሌላ ጣቃ ከተጨመረ፣ በሱቁ መብራት ያልታየው ልዩነት ውጭ ፀሐይ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ ኮቱና ሱሪው ሙሉ ልብስ መሆናቸው ቀርቶ የተሳሳተ ጥምረት ይመስላሉ። ጨርቁን ከመክፈል በፊት ደጅ አውጥቶ ማየትን የከለከለ ሻጭ አልገጠመም።

የሸሚዝ ጥጥ ሳይታጠብ ለሰፊ መሰጠት የለበትም። ከጫፉ ላይ በእርሳስ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር አራት ማዕዘን ይሣላል፣ ጨርቁ ታጥቦ በካውያ ከተተኮሰ በኋላ ይለካል። ጎኑ 19 ከሆነ ጨርቁ ከመቶ አምስት እጅ ገብቷል ማለት ነው። ሳይታጠብ ቢሰፋ ኖሮ 70 ሴንቲ ሜትር ርዝመት የነበረው ሸሚዝ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያጥር ነበር፤ ሱሪ ውስጥ የተከተተ ሸሚዝ ወንበር ላይ ቁጭ ሲሉ የሚሾልከው በዚህ ነው።

ልብስ ሰፊው እጁ የተዋጣለት ነው፤ የኮቱ ትከሻ አንድም መጨማደድ የለበትም። ልኬቱን ለመውሰድ ግን የቸኮለ ስለነበረ፣ ሦስት ነገሮች ተጠይቀው ነው የተስተካከሉት። አንደኛ፣ ልኬቱ ሥራ ላይ በሚደረገው ጫማ መወሰድ አለበት። በጠፍጣፋ ጫማ የተለካ ሱሪ ተረከዝ ባለው ጫማ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ለሁለቱም ሱሪ አንድ የተረከዝ ከፍታ መምረጥ ይሻላል። ሁለተኛ፣ የሁለቱ ሱሪና የጉርዱ ወገብ እኩል ከፍታ ላይ መቀመጥ አለበት፤ አንዱ ዝቅ ካለ ለሌላው የሚበቃው ሸሚዝ ለእሱ ያጥራል። ሦስተኛ፣ ሱሪው ከኋላ መሐል ስፌቱ ላይ 3፣ ከግርጌው 4 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ እንዲተውለት። ቢሮ ተቀምጦ መዋል ወገብን ሲጨምር፣ ሱሪው የሚሰፋው ከዚያ ትርፍ ነው።

ፕሮቫው ላይ ኮቱ ከወፍራሙ ሸሚዝ በላይ ተደርጎ፣ እጅ ወደ ፊት ተዘርግቶ ኮምፒውተር ላይ እንደሚጻፍ ሆኖ ይታይ። ጀርባው ከተወጠረ አሁኑኑ ይነገር፤ እጅጌ ማሳጠር ቀላል ነው፣ ትከሻ ማስተካከል ግን ኮቱን እንደገና መፍታት ነው።

ቅሬታው አንድ ነው፣ እሱም ከበድ ያለ። የሁለት ሸሚዞች ኮሌታ በመጀመሪያው እጥበት አረፋ የመሰለ እብጠት አወጣ። ውስጡ በካውያ የሚለጠፈው ማጠንከሪያ ጨርቅ በቂ ሙቀትና ጭነት ካላገኘ፣ ወይም ራሱ ሲታጠብ ከተኮማተረ፣ ከላዩ ጨርቅ ይላቀቃል። ስፌት ቤቱ ኮሌታዎቹን ያለ ክፍያ ቀይሯል፣ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል፤ ነገር ግን አራት ቀን ወሰደ። መጀመሪያ አንድ ሸሚዝ ብቻ አሰፍቶ፣ አጥቦና ተኩሶ ካዩ በኋላ የቀሩትን ሦስቱን ማስቆረጥ ይህን ያስቀራል።

ቀኑን በተመለከተ፦ ጨርቅ በመጀመሪያው ቀን፣ ልኬት በሦስተኛው፣ ፕሮቫ በዘጠነኛው፣ ርክክብ በአሥራ አራተኛው ቀን ቢሆን፣ ለማስተካከያ አንድ ሳምንት ይተርፋል። ከገናና ከጥምቀት ወይም ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ግን ሰፊዎች በባህል ልብስ ትእዛዝ ይጨናነቃሉ። ያኔ የሚመጣ ሰው ጨርቁን ገዝቶ በዘመድ ያሳጥበው፣ ልኬቱን ደግሞ ከበዓሉ ማግስት ያስጀምር። ቀብድ ሲከፈልም የፕሮቫውና የርክክቡ ቀን ደረሰኙ ላይ ለየብቻ ይጻፉ።