ለእኔ የሚከፈት፣ ለደንበኛ የማይከፈት፦ አዲሱ ሆስቲንግ ከወራት በኋላ

ዌብሳይቴን ወደ አዲስ ሆስቲንግ ካዛወርኩ ወራት አልፈዋል። ፍጥነቱ አርክቶኛል። ባክአፑ በየቀኑ በራሱ ይሠራል፤ አንዴ ተበላሽቶብኝ የነበረ ገጽም ከእሱ መልሼ አግኝቻለሁ። ስለዚህ ግን ብዙ አልጽፍም። መናገር የምፈልገው ስለ መጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ያኔ የገጠመኝ ችግር ሆስቲንግ የሚቀይርን ማንንም ሊገጥም ይችላል፤ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ችግሩን አይነካውም።

የዶሜይኔ ሳይት የት እንዳለ የሚናገሩትን ኔምሰርቨሮች ወደ አዲሱ ሆስቲንግ ቀየርኩ፤ ሳይቱም እኔ ጋ ተከፈተ። ደንበኞች ግን "ሳይቱ አልተገኘም ይለናል" እያሉ መደወል ጀመሩ። ሁሉም አይደሉም። ለአንዳንዱ ይከፈታል፣ ለአንዳንዱ እምቢ ይላል። የድጋፍ ክፍሉ "ዲኤንኤሱ እስኪዳረስ 48 ሰዓት ይጠብቁ" አለ። 48 ሰዓቱ አለፈ፣ ቀናትም ተጨመሩ። መልሱ ያው ነበር።

ይህ 48 ሰዓት ከየት መጣ? ዲኤንኤስ የዶሜይንን ስም ወደ ሰርቨሩ አይፒ አድራሻ የሚተረጉም ሥርዓት ነው፤ የእያንዳንዱ ኢንተርኔት አቅራቢ የዲኤንኤስ ሰርቨር አንዴ ጠይቆ ያገኘውን መልስ ለተወሰነ ጊዜ ይዞ ይቆያል። ጊዜውን የሚወስነው ቲቲኤል የሚባል ቁጥር ነው። የዶት ኮም ዶሜይን ኔምሰርቨሮች በዶት ኮም መዝገብ ውስጥ 172800 ሴኮንድ፣ ማለትም 48 ሰዓት ቲቲኤል አላቸው። ያ ካለፈ የድሮው መልስ በአብዛኛው ከየቦታው ጠፍቷል ማለት ነው።

ሌላም ምልክት አለ። ችግሩ የድሮ መልስ ቢሆን ኖሮ፣ የቀድሞው ሰርቨር እስካልተዘጋ ድረስ ደንበኛው የሚያየው የድሮውን ሳይት ነው። የእኔ ደንበኞች ግን ምንም አያዩም ነበር። ደግሞም በአንድ ኔትወርክ ላይ ያልተከፈተ፣ ጠዋትም ማታም አይከፈትም። መጠበቅ የሚፈታው ነገር እንዲህ አይሆንም፤ ቀስ በቀስ ይሻሻላል።

ሁለተኛ ቅሬታም ነበረኝ። ነፃው የኤስኤስኤል ሰርተፍኬት አልወጣ አለ፤ ሳይቱ እኔ ጋ የሚከፈተው "ደህንነቱ ያልተጠበቀ" በሚል ማስጠንቀቂያ ነበር። ድጋፍ ክፍሉ ይህን እንደ ሌላ ጉዳይ ያዘው። የሁለቱም ምክንያት ግን አንድ ነበር። ያገኘሁት ዲኤንኤስን በሚጠይቀው `dig` እነዚህን ሦስት ትእዛዞች ሳስኬድ ነው፤ `1.1.1.1` ፊርማ የሚያጣራው የክላውድፌር የሕዝብ ዲኤንኤስ ነው፤ በ`example.com` ቦታ የራሳችሁን ዶሜይን አስገቡ፦

```
dig example.com @1.1.1.1
dig example.com @1.1.1.1 +cd
dig DS example.com +short
```

የመጀመሪያው `SERVFAIL` አለኝ፤ መልስ መስጠት አልቻልኩም ማለት ነው። ሁለተኛው ትክክለኛውን የአይፒ አድራሻ ሰጠኝ። ልዩነታቸው `+cd` ብቻ ነው፤ "ፊርማውን አታጣራ" ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ የድሮው ሆስቲንግ ያስቀመጠውን የ`DS` ሪከርድ አሳየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው ሆስቲንግ ዲኤንኤስሴክ ነበረው፤ መልሶቹን በፊርማ ያረጋግጥ ነበር። `DS` የሚባለው ሪከርድ "የዚህ ዶሜይን መልስ በዚህ ቁልፍ የተፈረመ መሆን አለበት" ብሎ ለዓለም ይናገራል። የሚቀመጠው ግን ሆስቲንጉ ጋ አይደለም፤ ዶሜይኑ በተመዘገበበት ድርጅት በኩል ከላይ ባለው መዝገብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኔምሰርቨር ሲቀየር አብሮ አይሄድም። አዲሱ ሆስቲንግ መልሶቹን አይፈርምም ነበር። ፊርማ የሚያጣራ የዲኤንኤስ ሰርቨር መልሱን ሐሰተኛ ነው ብሎ ይጥለዋል፤ የማያጣራው ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። የእኔ ኢንተርኔት አቅራቢ አያጣራም። የደንበኞቼ ግማሾቹ የሚጠቀሙት የሚያጣራውን ነው። ሰርተፍኬት ሰጪውም ያጣራል፤ እምቢ ያለው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ዶሜይኑ ወደተመዘገበበት አካውንት ገብቶ የድሮውን `DS` ማጥፋት ነው። በሆስቲንጉ ፓነል ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። ከጠፋ በኋላ እውነተኛው መጠበቅ ይመጣል፤ የዶት ኮም የ`DS` ሪከርድ ቲቲኤል 24 ሰዓት ነው። ጎግል እና ክላውድፌር በሕዝብ ዲኤንኤሳቸው ላይ ያለ የድሮ መልስ እንዲጸዳ የሚጠየቅበት ገጽ አላቸው፤ ሁለቱንም ተጠቀምኩ። በእነሱ በኩል የሚገቡ ደንበኞች ቶሎ ተመለሱ፣ የቀሩት በማግስቱ። ሰርተፍኬቱም ወዲያው ወጣ።

ለማዛወር ያሰባችሁ ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ መጀመሪያ `DS`ን አጥፉ፣ አንድ ሙሉ ቀን ጠብቁ፣ ከዚያ ኔምሰርቨሮቹን ቀይሩ። ዲኤንኤስሴኩን በአዲሱ ቤት በኋላ እንደገና ማብራት ይቻላል። የእኔ ሆስቲንግ ይህን አገልግሎት ከጥቂት ወራት በኋላ ጀመረ፤ አብርቼዋለሁ፣ እስካሁን ችግር የለም።

ለሆስቲንጉ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን ያስቀረሁት በድጋፍ ክፍሉ ነው። ሰርቨሩ ፈጣን፣ ሠራተኞቹም ትሑት ናቸው። ግን አንድ የ`dig` ትእዛዝ አስኪደው ቢሆን በመጀመሪያው ስልኬ ያገኙት ነበር፤ እኔም በእነዚያ ቀናት ያጣኋቸውን ደንበኞች ባላጣሁ።